የብቻ የውበት ስቱዲዮ ገንዘብ፦ የራስንና የሥራን ለይቶ በየወሩ ሂሳብ መዝጋት

ብቻውን በሚሠራ የውበት ባለሙያ እጅ ቀኑን ሙሉ ገንዘብ ይገባል። አንዷ ደንበኛ ካሽ ትሰጣለች፣ ሌላዋ በስልክ ትልካለች፣ ሦስተኛዋ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀብድ ታስይዛለች። ከዚያው ገንዘብ ላይ ጄል ይገዛል፣ የቤት አስቤዛ ይገዛል፣ ታክሲ ይከፈላል። ወሩ ሲያልቅ ቀጠሮው ሙሉ ነበር፣ ኪስ ግን ባዶ ነው። ሥራው አላተረፈም ወይስ ገንዘቡ ቤት ገባ? መልሱ የተጻፈበት ወረቀት የለም።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር የሂሳብ ትምህርት አይጠይቅም። በቀን አምስት ደቂቃ ያህል፣ በወር መጨረሻ ደግሞ አንድ ጸጥ ያለ ከሰዓት ይበቃዋል። ለማሳያ ጥፍርና ሽፋሽፍት የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ወስጄ የአንድ ወሯን ሂሳብ እስከ መጨረሻው እዘጋለሁ። ቁጥሮቹን በየትኛውም ገንዘብ አስቧቸው። ዋናው የሚደመሩበትና የሚቀነሱበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ገንዘቡን በቦታ ለዩት

ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። በራሳችሁ ስም ቢሆንም ችግር የለውም፤ ዋናው የቤት ወጪ በዚያ እንዳያልፍ ነው። ለደንበኞች የምትሰጡት የሂሳብ ቁጥር ይኼኛው ብቻ ይሁን። ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት፣ በመልእክት የምትልኩት የድሮው ቁጥር ካለ ዛሬውኑ ቀይሩት። አሮጌው ቁጥር በደንበኞች ስልክ ላይ ስለሚቀር ለጥቂት ሳምንታት አልፎ አልፎ ወደ ግል ሂሳባችሁ የሚገባ ይኖራል። ባያችሁት ቀን ልክ እንደገባው መጠን፣ ሳትሸርፉ፣ ወደ ሥራው ሂሳብ አዙሩት።

ሁለተኛ ሂሳብ ለግብር ክፈቱ። እዚያ የሚቀመጠው ገንዘብ የሥራው ነው፣ ግን አይነካም። ስንት በመቶ እንደሚቀመጥ በየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ አንድ ጊዜ የሂሳብ ባለሙያ ጠይቃችሁ ወስኑ።

ሦስተኛው ቦታ የካሽ መሳቢያ ነው። የሚቆለፍ ሳጥንም ሊሆን ይችላል። ውስጡ ለመልስ የሚሆን ቋሚ ዝርዝር ይኑር። የኛዋ ባለሙያ 500 ታስቀምጣለች። ከደንበኛ የተቀበላችሁት ካሽ መጀመሪያ መሳቢያው ውስጥ ይግባ እንጂ ጋዋን ኪስ ውስጥ አይግባ። ኪስ የገባ ካሽ የሥራው ይሁን የራስ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይታወቅም።

ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ

መለየቱ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ባለቤቷ መኖር አለባት፣ ስለዚህ ሲቸግራት ከመሳቢያው ትወስዳለች። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ። ይህን በ«አልወስድም» ማስቆም አይቻልም፤ የሚቆመው የሚወሰደው ገንዘብ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ መጠን፣ በአንድ ትራንስፈር ሲሆን ነው።

መጠኑን ለማውጣት ያለፉትን ሦስት ወራት እዩ። ከእያንዳንዱ ወር ገቢ ላይ የሥራውን ወጪና የግብሩን ድርሻ ቀንሱ። የኛዋ ባለሙያ ስትቀንስ 21,000፣ 17,000 እና 24,000 አገኘች። ብዙ ሰው አማካዩን ይወስዳል። እኔ ዝቅተኛውን ውሰዱና ከሱም ትንሽ ዝቅ በሉ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የውበት ሥራ የበዓልና የሠርግ ሰሞን ሞልቶ ሌላ ጊዜ ይቀዘቅዛል። አማካዩን ደመወዝ ያደረገች ሰው ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ኪራይ ከደመወዟ ጋር ይሻማባታል። ስለዚህ ከ17,000 ዝቅ ብላ 15,000 ቆረጠች። ያለፈ መዝገብ ከሌላችሁ ለሁለት ወር በግምት ጀምሩና በሦስተኛው አስተካክሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ «ደመወዝ» በመዝገባችሁ ላይ የሥራ ወጪ አይደለም። ብቻውን የሚሠራ ሰው ለራሱ የሚወስደው ገንዘብ ከትርፉ ላይ የሚነሳ ነው። ምድቡን «ለባለቤት» በሉት፣ ከኪራይና ከዕቃ ጋር አትደምሩት። ከወጪ ጋር ከደመራችሁት ሥራው የሚያተርፈውን ያህል እንደማያተርፍ ሆኖ ይታያችኋል። ደመወዛችሁን በጨመራችሁ ቁጥርም ሥራው የተዳከመ ይመስላል።

ድንገተኛ ነገር ቢመጣና ከመሳቢያ ብታነሱስ? ዓለም አልፈረሰም። በዚያው ቅጽበት «ለባለቤት» ብላችሁ ጻፉ፣ የወሩ መጨረሻ ትራንስፈር ላይ ቀንሱት። 600 ካነሳችሁ የሚላከው 14,400 ነው።

ተቃራኒውም ይከሰታል። ገበያ ወጥታችሁ አሴቶን ርካሽ አገኛችሁ፣ በራሳችሁ ገንዘብ ገዛችሁ። ደረሰኙን ስቱዲዮ አምጡና ገንዘቡን ከመሳቢያው ለራሳችሁ መልሱ፣ እንደ ዕቃ ወጪም ጻፉት። መመለስ ካልፈለጋችሁ ሁለት መስመር ያስፈልጋል፦ አንዱ «ከባለቤት የገባ»፣ ሌላው «ዕቃ»። ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ቀሪውን አይነኩትም፣ ወጪው ግን ተመዝግቧል። «ከባለቤት የገባ» ሽያጭ እንዳልሆነ አትርሱ፤ ከገቢ ጋር ከተደመረ ግብሩንም ትርፉንም ያዛባል።

መዝገቡ

ደብተርም ይሁን ኤክሴል፣ ሁለት ገጽ ያዙ፦ አንዱ ለመሳቢያው፣ አንዱ ለባንኩ። በየገጹ ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ ቀን፣ ምንነት፣ ምድብ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ምድቦቹን አታብዙ። አገልግሎት፣ የዕቃ ሽያጭ፣ ቀብድ፣ ዕቃ፣ ለሽያጭ የተገዛ፣ ኪራይ፣ መብራትና ስልክ፣ የባንክ ክፍያ፣ መሣሪያ፣ ለባለቤት፣ ከባለቤት፣ ዝውውር። ከዚህ በላይ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቻላችሁ።

በኤክሴል ለሚሠራ፣ ገቢ በD፣ ወጪ በE፣ ቀሪ በF ዓምድ ከሆነና ያለፈው ወር ቀሪ F2 ላይ ከተጻፈ፣ F3 ላይ ይህን አስገቡና ወደ ታች ጎትቱት፦

```
=F2+D3-E3
```

«ዝውውር» የሚለው ምድብ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ካሹን ባንክ ስታስገቡ ከመሳቢያው ገጽ ወጪ፣ በባንኩ ገጽ ገቢ ሆኖ ይጻፋል። ነገር ግን አዲስ ሽያጭ የለም፣ ገንዘቡ ቦታ ነው የቀየረው። ብዙ ጀማሪ ካሽ ሲቀበል አንዴ፣ ባንክ ሲያስገባ ሌላ ጊዜ ገቢ ብሎ ይጽፋል፤ ወሩ ሲደመር በወረቀት ላይ ሀብታም ይሆናል። ምድቡ «ዝውውር» ከተባለ ግን የወሩን ሽያጭ ስትደምሩ ዘላችሁት ታልፋላችሁ። ወደ ግብሩ ሂሳብ የሚላከውም ዝውውር ነው።

ደንበኛ ስትወጣ ጻፉ። ማታ አስታውሳለሁ ማለት አያዋጣም። ስድስት ሰው ካስተናገዳችሁ በኋላ የአራተኛዋ ጥገና ይሁን ሙሉ ሥራ ይምታታል። ቲፕም ጻፉት። የሠራተኛ ድርሻ ስለሌለበት የናንተው ገቢ ነው፣ ካልተጻፈ ደግሞ መሳቢያው ከመዝገቡ ይበልጥና ስታጣሩ ትውላላችሁ።

የተደባለቁ ወጪዎችን በተመለከተ፣ ለምሳሌ ስልኩ ለደንበኛም ለቤተሰብም ይደወልበታል። አንድ ጊዜ ድርሻ ወስኑ፣ ግማሽ በግማሽ ይሁን ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያ በየወሩ ሳትቀይሩ የሥራውን ድርሻ ብቻ ከሥራው ሂሳብ ክፈሉ። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ኪራይም እንዲሁ ነው። ድርሻው ለምን ያን ያህል እንደሆነ በአንድ መስመር ጽፋችሁ አኑሩ፤ ግብር ሰብሳቢው ሲጠይቅ የምታሳዩት እሱን ነው።

ከመደርደሪያው ለራሳችሁ ያነሳችሁት ቅባት ወይም ሻምፑስ? በገዛችሁበት ዋጋ «ለባለቤት» ነው። ገንዘብ ስላልወጣ በመሳቢያው ገጽ አይገባም። በወረቀት ለይታችሁ ያዙና ወር ሲያልቅ ዋጋውን ከደመወዛችሁ ቀንሱ።

ቀብድ የተሠራ ገንዘብ አይደለም

የቀጠሮ ማስያዣ ወይም የስጦታ ካርድ ገንዘብ ባንክ ገብቷል፣ ግን ሥራው ገና ነው። ደንበኛዋ ብትሰርዝና በደንባችሁ መሠረት የሚመለስላት ከሆነ ትመልሳላችሁ። ሥራውን ስትሠሩም ጄሉና ጊዜው የሚወጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ሲገባ «ቀብድ» በሉት፤ ሥራው የተሠራ ቀን ወደ «አገልግሎት» ቀይሩት። በየገጹ መጨረሻ ገና ያልተሠራባቸውን ቀብዶች ዝርዝር ከነቀጠሮ ቀናቸው ያዙ። ደንበኛዋ መጥታ ቀሪውን ስትከፍል «ስንት ነበር ያስያዝሽው?» ብሎ ከመከራከርም ያድናል።

ወሩን እንዝጋ

አሁን ወደ ባለሙያችን ወር እንመለስ። ወሩ ሲጀምር ባንክ ላይ 12,000፣ መሳቢያ ውስጥ 500 ነበራት። በወሩ በካሽ 16,000፣ በባንክ 34,000 ተቀበለች። ድምሩ 50,000 ነው።

መዝጋት የሚጀመረው ከመሳቢያው ነው። መዝገቡ እንዲህ ይላል፦ 500 ነበር፣ 16,000 ገባ፣ 14,000 ባንክ ተወሰደ፣ 1,020 ለጥቃቅን ዕቃ ወጣ። መቅረት ያለበት 1,480። ስትቆጥር ግን ያገኘችው 1,300 ነው። 180 ጎደለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «መልስ ሳበዛ ሄዶ ይሆናል» ብሎ ያልፋል። ከማለፋችሁ በፊት ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ አኃዞች ቦታ ተቀያይረው ተጽፈው ሊሆን ይችላል፣ ወይም ዜሮ ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ይሆናል። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ይሰጣል። ደረሰኞቿን አንድ በአንድ ስታይ የጓንትና የጥጥ ደረሰኝ 420 ይላል፣ መዝገቡ ላይ 240 ተጽፏል። አስተካከለችው፤ የካሽ ወጪው 1,200 ሆነ፣ ቀሪው 1,300 ሆኖ ከመሳቢያው ጋር ገጠመ።

ለ9 ካልተካፈለ ሌላ ዘዴ አለ። የልዩነቱን ግማሽ ፈልጉ። ወጪ የነበረው በገቢ ዓምድ ከተጻፈ መዝገቡ በእጥፉ ስለሚሳሳት፣ 300 ጎድሎ ከሆነ የ150 ደረሰኝ የት እንደገባ እዩ። ይህም ካልሠራ የልዩነቱን ሙሉ መጠን በቀጠሮ ደብተሩ ፈልጉት፤ ሳይጻፍ የቀረ ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። ሁሉም አልፎ ካልተገኘ ልዩነቱን «ያልታወቀ» ብላችሁ ጻፉና መዝገቡን ከተቆጠረው ገንዘብ ጋር አስተካክሉ። ትንሽ ልዩነት አንድ ወር ቢመጣ አያስጨንቅም። በየወሩ ወደ መጉደል ብቻ ካዘነበለ ግን ሳይጻፍ የሚነሳ ገንዘብ አለ ማለት ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ «ለባለቤት» ነው።

ቀጥሎ ባንኩ። የወሩን የባንክ ስቴትመንት አውጡና ከገጻችሁ ጋር መስመር በመስመር ምልክት እያደረጋችሁ አስተያዩ። ምልክት ሳይደረግበት የሚቀረው ብዙ ጊዜ የባንክ የአገልግሎት ክፍያ ነው፤ ማንም ስለማይነግራችሁ አትጽፉትም። በካርድ የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ደንበኛዋ 1,000 ከፍላ ባንክ የገባው ተቀንሶለት 980 ሊሆን ይችላል። ገቢው 1,000 ነው፣ ክፍያው 20 ነው። 980 ብቻ ከጻፋችሁ ሽያጩም ወጪውም ያንሳል። በወሩ መጨረሻ ቀን የተከፈለ ካርድ በማግስቱ ሊገባ እንደሚችልም አስቡ፤ ያ ስህተት ሳይሆን በመንገድ ላይ ያለ ገንዘብ ነው።

የባለሙያችን ባንክ እንዲህ ተዘጋ። 12,000 ነበር። ከደንበኞች 34,000፣ ከመሳቢያው 14,000 ገባ፤ 60,000 ሆነ። በባንክ የከፈለችው የሥራ ወጪ 23,800፣ ለራሷ 15,000፣ ወደ ግብሩ ሂሳብ 5,000 ሄደ። ቀሪው 16,200። ስቴትመንቱም ያንኑ አለ።

ትርፉ ስንት ነው?

ባንክ ላይ ያለው ቀሪ ትርፍ አይደለም። ትርፉን ለማግኘት አንድ ገጽ ላይ ምድቦቹን ደምሩ።

ከደንበኞች የገባው 50,000 ነው፣ ግን 2,000ው ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ የተያዘ ቀብድ ነው። የተሠራበት 48,000 ብቻ ሆነ፦ 44,000 አገልግሎት፣ 4,000 የዕቃ ሽያጭ። ከቀድሞ ወር የመጣ ቀብድ ስላልነበራት የሚጨመር የለም።

ወጪዎቿ፦ ኪራይ 9,000፣ ለሥራ የሚውል ዕቃ 8,500፣ ለሽያጭ የተገዛ 2,500፣ መብራትና ስልክ 1,500፣ የባንክ ክፍያ 500፣ አዲስ የጄል ማድረቂያ መብራት 3,000። ድምሩ 25,000።

48,000 ሲቀነስ 25,000፣ ትርፉ 23,000 ነው። ማድረቂያው በየወሩ ስለማይገዛ ለንጽጽር እሱን አውጥታችሁም አስሉ፤ ያለ እሱ 26,000 ይሆናል። ትልቅ መሣሪያ ስትገዙ ግብር ላይ በስንት ዓመት ተከፋፍሎ እንደሚቀነስ ሕጉ ሊወስን ይችላልና ደረሰኙን ለብቻው አኑሩት።

አሁን ሁሉም ይገጥም እንደሆነ በአንድ ስሌት ማየት ይቻላል። ከ23,000 ትርፍ 15,000 ለራሷ ወሰደች፣ 5,000 ለግብር አስቀመጠች፣ 3,000 ቀረ። 2,000 ቀብድ ሲጨመር 5,000። ወሩ ሲጀምር ባንኩና መሳቢያው አንድ ላይ 12,500 ነበሩ፤ ሲያልቅ 16,200 እና 1,300፣ ማለትም 17,500 ሆኑ። ልዩነቱ 5,000 ነው። ገጠመ። ይህ ካልገጠመ ከምድቦቹ አንዱ የተሳሳተ ቦታ ተደምሯል፤ መጀመሪያ «ዝውውር»ን፣ ቀጥሎ «ለባለቤት»ን እዩ።

17,500ውን አይታ ደመወዟን ወደ 18,000 ብታሳድግ ትሳሳታለች። ከውስጡ 2,000ው ገና ያልሠራችው ሥራ ነው። ከዚያም በላይ የአንድ ወር ኪራይ፣ መብራትና ስልክ፣ አስፈላጊ ዕቃና የራሷ ደመወዝ ሲደመር 34,000 ይሆናል፤ እጇ ለሁለት ሳምንት ቢታመም የሚያሳልፋት በባንኩና በመሳቢያው ያለው ክምችት ነው። ሦስት ተከታታይ ወር እስኪሞላ ድረስ ደመወዝ ባይነካ እመርጣለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ ነገር

ሦስት የወር ገጾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ ቁጥር ደጋግማችሁ እዩ፦ ለሥራ የዋለው ዕቃ ከአገልግሎት ገቢው ስንት በመቶ ነው? የባለሙያችን 8,500 ለ44,000 ሲካፈል 19 በመቶ ገደማ ነው። በሚቀጥለው ወር 26 በመቶ ቢሆን ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ለብዙ ወር የሚሆን ዕቃ በአንዴ ተገዝቶ ከሆነ መደርደሪያው ላይ ይታያል፣ በቀጣዩ ወርም ቁጥሩ ይወርዳል። የዕቃ ዋጋ ጨምሮ ከሆነ የድሮና የአዲስ ደረሰኝ ሲተያዩ ይወጣል፣ ያኔ የአገልግሎት ዋጋ መከለስ አለበት። ሁለቱም ካልሆኑ ለአንድ ደንበኛ የሚፈሰው ዕቃ በዝቷል፣ ወይም በነጻ የሚሠራላቸው ወዳጆች በዝተዋል። ይህን የምታረጋግጡት አንድ አዲስ የጄል ጠርሙስ የተከፈተበትን ቀን ጎኑ ላይ ጽፋችሁ፣ እስኪያልቅ ስንት ጥፍር እንደሠራ ከቀጠሮ ደብተሩ በመቁጠር ነው።